የስልክ ጌምን ከነድምፁ መቅዳት

በስልክ የሚጫወቱትን ጌም በቪዲዮ መቅዳት ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ መያዝን ይጠይቃል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስልና ጌሙ ራሱ የሚያወጣውን ድምፅ። ምስሉን መያዝ ቀድሞ የተፈታ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አንድሮይድ 5.0 ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ ማንኛውም መቅጃ መተግበሪያ ስክሪኑን እንዲቀዳ በር ከፍቷል። ድምፁ ግን ሌሎች አምስት ዓመታት ጠብቋል። በነዚያ ዓመታት መቅጃዎች የነበራቸው አማራጭ ማይክ ብቻ ነበር። የጌሙ ድምፅ ከስፒከሩ ወጥቶ፣ ክፍሉን ዞሮ፣ ተመልሶ በማይኩ ይገባል፤ የተጫዋቹ ጣት ስክሪኑ ላይ የሚያሰማው ኳኳታ፣ ውጭ የሚያልፈው መኪና እና የጎረቤት ቴሌቪዥንም አብረው ይገባሉ። ኢርፎን ከተሰካ ደግሞ የጌሙ ድምፅ ጨርሶ ይጠፋና የክፍሉ ጫጫታ ብቻ ይቀራል።

ክልከላው ያለምክንያት አልነበረም። አንድ መተግበሪያ የሌላውን ድምፅ እንደልቡ መቅዳት ቢችል ኖሮ የስልክ ጥሪ ለማድመጥም፣ በክፍያ የሚደመጥ ሙዚቃ ለመገልበጥም መንገዱ ክፍት ይሆን ነበር። በ2019 የወጣው አንድሮይድ 10 ነገሩን በቅድመ ሁኔታ ፈቀደው። የስልኩ ባለቤት መቅጃውን መፍቀድ አለበት። ድምፁን የሚያወጣው መተግበሪያም መቀዳትን ያልከለከለ መሆን አለበት። ከዚህ በተጨማሪ ድምፁ በስርዓቱ ዘንድ የጌም ወይም የሙዚቃና የቪዲዮ ድምፅ ተብሎ የተመዘገበ፣ አለዚያም ዓይነቱ ያልተገለጸ መሆን ይኖርበታል። ከአንድሮይድ 10 በፊት ለነበሩት ስርዓቶች ተሠርተው ያልታደሱ ጌሞች ደግሞ ሠሪያቸው ለይቶ ካልፈቀደ በቀር እንደከለከሉ ይቆጠራሉ። በአንድ ስልክና በአንድ መቅጃ አንዱ ጌም ከነድምፁ ሲቀዳ ሌላው ድምፅ አልባ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው። እንዲህ ሲያጋጥም መቅጃ እያወረዱ መቀያየር ብዙ ጊዜ ትርፉ ድካም ነው፤ በሩን የዘጋው ጌሙ ነውና።

ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ስልኩ ራሱ መቅጃ ይዞ ይመጣል። ከላይ ወደ ታች በሚሳበው ሰሌዳ ላይ Screen record የሚለው ምልክት ሲነካ የድምፁ ምንጭ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። Device audio የሚለው የውስጡን ድምፅ ብቻ ይቀዳል፣ Microphone ማይኩን፣ ሦስተኛው ምርጫ ሁለቱንም አንድ ላይ። ሳምሰንግ ይኸንኑ Media sounds ይለዋል፤ ሻዎሚ ደግሞ በመቅጃው ሴቲንግ ውስጥ Sound source ከሚለው ስር System sounds ብሎ አስቀምጦታል። አይፎን ከ2017ቱ አይኦኤስ 11 ጀምሮ የራሱ መቅጃ አለው፤ ከControl Center ላይ የመቅጃውን ክብ ምልክት ጫን አድርጎ ሲይዙት የማይክ ቁልፍ ብቅ ይላል፣ ማይኩ ከተዘጋ የሚቀዳው የጌሙ ድምፅ ብቻ ነው።

ምርጫው በትክክል መያዙን ለማወቅ ከሁሉ አጭሩ መንገድ የጥፍር ሙከራ ነው። ጌሙን ከፍቶ ግማሽ ደቂቃ ያህል መቅዳት፣ በመሃል የስልኩን ጀርባ በጥፍር ሁለት ሦስቴ መኳኳት፣ ከዚያ ቪዲዮውን በኢርፎን ማዳመጥ። ኳኳታው ከተሰማ ማይኩ ክፍት ነው። የጌሙ ድምፅ ብቻውን ጥርት ብሎ ከወጣ የውስጡ መንገድ ሠርቷል። ሁለቱም ከሌሉ ወይ ጌሙ ከልክሏል፣ ወይ መቅጃው ያለድምፅ ተጀምሯል። ይህን ሳያረጋግጡ የሃያ ደቂቃ ጨዋታ መቅዳት ትልቅ ድፍረት ነው።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው የጓደኞች ድምፅ ነው። እንደ ፐብጂ ሞባይል ባለ የቡድን ጌም ተጫዋቾቹ እየተነጋገሩ ይጫወታሉ፤ ቪዲዮው ሲከፈት ግን ተኩሱና እርምጃው ሁሉ እያለ የቡድኑ ንግግር የለም። መቅጃው አልተበላሸም። አንድሮይድ ንግግሩን ከስልክ ጥሪ ጋር በአንድ ወገን ስለሚመድበው የውስጥ ድምፅ ቀረጻ አይነካውም፤ የማንም ሰው ጥሪ በስውር እንዳይቀዳ የተቀመጠው አጥር እዚህም ይሠራል። የተጫዋቹ የራሱ ድምፅም ችግር አለበት። ማይኩን ለቡድን ንግግር ጌሙ ከያዘው በኋላ መቅጃው ከማይኩ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ጸጥታ ነው፤ ስርዓቱ ማይክን ለሁለት ተራ መተግበሪያዎች በእኩል አያካፍልምና። ስለዚህ ውስጡንም ማይኩንም የሚለው ምርጫ በቡድን ንግግር መሃል ያሰቡትን አይሰጥም።

የተጫዋቹን ድምፅ ለመጨመር አስተማማኙ ዘዴ ሁለተኛ ስልክ ነው። ዋናው ስልክ የውስጥ ድምፁን ብቻ ይቀዳል፤ አጠገብ የተቀመጠው ሌላ ስልክ በድምፅ መቅጃው የሰውየውን ንግግር ይይዛል። ሁለቱን በኋላ ለማገናኘት አንድ የጋራ ምልክት ያስፈልጋል። ሁለቱም መቅዳት ከጀመሩ በኋላ፣ ኢርፎኑ ከመሰካቱ በፊት፣ የጌሙን ሜኑ አንዴ መንካት ይበቃል፤ ቁልፏ የምታሰማው ድምፅ በውስጥ ቀረጻውም በሁለተኛው ስልክም ላይ ትገኛለች። በማቀነባበሪያው ላይ ሁለቱን ጠቅታዎች አንድ መስመር ላይ ማሳረፍ ነው። የጓደኞችን ንግግር የሚፈልግ ደግሞ እያንዳንዱ የየራሱን ድምፅ በየራሱ ሁለተኛ ስልክ ቀድቶ እንዲልክለት ማስማማት ይችላል፤ አድካሚ ነው፣ ነገር ግን ፈቃዳቸውንም አብሮ ያስገኛል።

ከበስተጀርባ የሚጫወት ሙዚቃ ካለም መዝጋት ይገባል። የውስጥ ድምፅ ቀረጻ ከየትኛው መተግበሪያ እንደመጣ ሳይለይ የተፈቀደለትን ሁሉ ስለሚሰበስብ ዘፈኑ ከጌሙ ጋር ተቀላቅሎ ይቀዳል፤ አንዴ ከተቀላቀለ መለየት ከባድ ነው፣ ዩቲዩብ ላይም የባለመብት ጥያቄ ያስነሳል።

ከድምፁ ቀጥሎ የሚመጣው የምስሉ ልስላሴ ነው። ቪዲዮ የተከታታይ ፎቶዎች ድርድር ነው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። ፍጥነት ባለው ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም ለዓይን የለሰለሰ ነው፣ 30 ይበቃል ግን ፈጣን ዙሪት ላይ ይታወቃል። እዚህ ላይ የሚዘነጋው ነገር መቅጃው ጌሙ ያልሠራውን ፍሬም መፍጠር አለመቻሉ ነው። ፐብጂ ሞባይል በሴቲንጉ የፍሬም ፍጥነትን በስም ይደረድራል፤ High የሚለው በሰከንድ 30 ገደማ፣ Ultra 40 ገደማ፣ Extreme 60 ገደማ ነው። ጌሙ Ultra ላይ ሆኖ መቅጃው 60 ላይ ቢደረግ 40 ፍሬሞች 60 ቦታ መሙላት ይኖርባቸዋል፤ ከየሁለቱ ፍሬሞች አንዱ ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ ሌላው አንዴ ብቻ ይታያል። ሲጫወቱ ደህና የነበረው እንቅስቃሴ በቪዲዮው ላይ የሚያነክስ የሚመስለው በዚህ ነው። በተቃራኒው ስክሪኑና ጌሙ በ90 እየሠሩ ቀረጻው 60 ከሆነ ከየሦስቱ ፍሬሞች አንዱ ይጣላል፤ ውጤቱ ያው ማንከስ ነው። መፍትሔው ሁለቱን ማመሳሰል ነው፤ ጌሙ 60 ከቻለ ቀረጻውም 60፣ ስልኩ ለዚያ አቅም ካነሰው ጌሙም ቀረጻውም 30። ጌሙ የማይለዋወጥ 30 ላይ ሆኖ በ30 የተቀዳ ቪዲዮ በ45 እና በ60 መካከል ከሚዋዥቅ ቪዲዮ ይሻላል።

ለዚሁ ሲባል የጌሙን የሥዕል ጥራት ዝቅ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። መቅጃው ሲጨመርበት ስልኩ ጌሙን ከመሥራት ሌላ እያንዳንዱን ፍሬም አምቆ መጻፍ አለበት። በፐብጂ ሞባይል Graphics የሚለውን Smooth ላይ፣ Frame Rate የሚለውን Extreme ላይ ማድረግ ለመካከለኛ ስልኮች የተለመደ ምርጫ ነው፤ የሣሩና የጥላው ዝርዝር ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴው ግን ይለሰልሳል። ለማጋራት የታሰበ ቪዲዮ የሚታየው በሌላ ሰው ትንሽ ስክሪን ስለሆነ ከጥላው ውበት ይልቅ እንቅስቃሴው ቢመረጥ ያዋጣል።

ንጽሕናውን የሚወስነው ደግሞ ቢትሬት ነው፤ ማለትም ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የመረጃ መጠን። ተጫዋቹ ቆሞ ሲጠብቅ አንዱ ፍሬም ከሌላው ብዙም ስለማይለይ ጥቂት መረጃ ይበቃል። በሣር ሜዳ ላይ ሲሮጥ፣ ጭስ ሲነሳ ወይም በድንገት ሲዞር ግን ሁሉ ነገር ይለወጣል፤ የተመደበው መረጃ ካነሰ ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይፈርሳል። ዩቲዩብ ለሚጫኑ ቪዲዮዎች የሚመክረው ለ1080p በ30 ፍሬም 8 ሜጋቢት በሰከንድ፣ በ60 ፍሬም ደግሞ 12 ሜጋቢት ነው፤ ለ720p በ60 ፍሬም 7.5 ሜጋቢት። ለቀረጻ እነዚህን እንደ ዝቅተኛ ልክ ማየት ይጠቅማል። በመቅጃው ሴቲንግ ቢትሬት የሚመረጥ ከሆነ 1080p በ60 ለሚቀዳ ሰው 16 ሜጋቢት ምቹ ነው። ሁሉም ስልክ ይህን ምርጫ አይሰጥም፤ እዚያ ስልኩ የወሰነውን መቀበል ነው።

ስሌቱን በአንድ ጨዋታ ማየት ይቻላል። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ የፐብጂ ግጥሚያ በ12 ሜጋቢት ቢቀዳ፣ 12 ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 1.5 ሜጋባይት ይሆናል፣ በደቂቃ 90፣ በሃያ ደቂቃ 1.8 ጊጋባይት። በ16 ሜጋቢት ከሆነ 2.4 ጊጋባይት ይደርሳል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ስልኩ ላይ ቢያንስ አምስት ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ መኖሩን ማየት ብልህነት ነው፤ ሊሞላ የደረሰ ማከማቻ በመሃል ቀረጻውን ሊያቋርጥ ይችላል። ሜሞሪ ካርድ ላይ የሚቀዱም አሉ። የቆየ ካርድ ብዙ ጊዜ ፋት32 በሚባለው አደረጃጀት የተሰናዳ ነው፤ በዚህ ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ ስለማይችል ረጅም ቀረጻ ወይ ይቆራረጣል ወይ ይቆማል። ካርዱ መጻፍ ላይ ዘገምተኛ ከሆነ ደግሞ ፍሬም ይዘለላል። የስልኩ የራሱ ማከማቻ ይመረጣል፤ ወደ ካርዱ በኋላ ማዛወር ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለስልሰው ኋላ ላይ የሚቆራረጥ ቪዲዮ በአብዛኛው የሙቀት ውጤት ነው። ጌምና ቀረጻ አብረው ስልኩን ያግላሉ፤ ስልኩ ራሱን ለማዳን የአንጎሉን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ፍሬሞቹም አብረው ይቀንሳሉ። ቻርጀር ላይ ሰክቶ መጫወት ሙቀቱን ያባብሰዋል። ባትሪውን አስቀድሞ ሞልቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ወፍራም ሽፋን ካለውም አውልቆ፣ አንድ ግጥሚያ ቀድቶ ስልኩን ማሳረፍ የሚታይ ልዩነት ያመጣል። በአንድ ቁጭታ ሦስት ግጥሚያ የሚቀዳ ሰው ሦስተኛው ከመጀመሪያው እንደሚያንስ መጠበቅ አለበት።

ጥሪና መልእክትም አስቀድሞ መዘጋት አለባቸው። በDo Not Disturb ካልታፈኑ በስተቀር የባንክ መልእክት፣ የማረጋገጫ ቁጥር ወይም የቤተሰብ ወሬ በጨዋታው መሃል ከላይ ብቅ ይልና ለሺህ ተመልካች ይነበባል። የንክኪ ነጥቦችን የሚያሳየው ምርጫም ከተከፈተ በመሃል የተጻፈ የይለፍ ቃል የትኞቹ ፊደሎች እንደተነኩ ያጋልጣል።

ቪዲዮው ተቆራርጦ ሲገኝ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ መለየት ይቻላል። ሲጫወቱም ይንተፋተፍ ከነበረ ጌሙ ወይም ሙቀቱ ነው፤ የሥዕል ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ይረዳል። ሲጫወቱ ለስላሳ ሆኖ ቪዲዮው ብቻ ከተቆራረጠ መቅጃው አልቻለም፤ ቀረጻውን ከ1080p ወደ 720p ማውረድ ይሻላል፣ ፍሬሙን ግን እዚያው መተው። ያው ፋይል ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ በደንብ ከተጫወተ ደግሞ ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ ያቃተው ማጫወቻው ነው። ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ ቪዲዮውን አቁሞ E የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ፍሬም በፍሬም ያሳልፋል፤ ተጫዋቹ በዝግታ በሚዞርበት ቦታ ላይ ምስሉ ሁለት ፍሬም ቆሞ በሦስተኛው ከዘለለ የተደገሙት ፍሬሞች በዓይን ይታያሉ።

ከቀረጻ በኋላ የሚመጣው ሥውር ችግር የፍሬም ፍጥነቱ አለመጽናት ነው። የስልክ መቅጃዎች በአብዛኛው ፍሬም የሚጽፉት ስክሪኑ ሲለወጥ ነው፤ ሜኑ ላይ ቆሞ ሲቀር ጥቂት ይጽፋሉ፣ ተኩስ ሲጀመር ይጨምራሉ። ስልኩ ራሱ ሲያጫውተው ምንም አይታወቅም። አንዳንድ ማቀነባበሪያዎች ግን ፍጥነቱን አንድ ወጥ አድርገው ስለሚቆጥሩት ድምፁና ምስሉ ቀስ በቀስ ይለያያሉ፤ መጀመሪያ ላይ ተኩሱና ብልጭታው ይገጥማሉ፣ አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ድምፁ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይመጣል። ልዩነቱ እየሰፋ መሄዱ ምልክቱ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል የሆነ መዘግየት ሌላ ችግር ነው፣ ድምፁን በዚያው ልክ በመግፋት ይስተካከላል። ለሚሰፋው ልዩነት ፋይሉን ከማቀነባበር በፊት ወደ ወጥ ፍጥነት መለወጥ ያስፈልጋል። ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም Framerate ላይ 60 እና Constant Framerate መምረጥ ይበቃል። ትእዛዝ መጻፍ ለለመደ ኤፍኤፍኤምፔግ ያንኑ ይሠራል፦

```
ffmpeg -i game.mp4 -vf fps=60 -c:v libx264 -crf 18 -c:a copy game60.mp4
```

እዚህ ላይ crf የሚለው ቁጥር ጥራቱን ይወስናል፤ ሲያንስ ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ይጨምራል፣ 18 ዓይን ብዙም ልዩነት የማያይበት ነው። ድምፁ ሳይነካ እንዳለ ይገለበጣል።

በእያንዳንዱ ዳግም ማመቅ ከምስሉ የሆነ ነገር ይጠፋል። አንዱ መተግበሪያ ላይ ቆርጦ፣ ሌላው ላይ ጽሑፍ ጨምሮ፣ በሦስተኛው አሳንሶ ማውጣት ሦስት ጊዜ መሸርሸር ነው። እንደ ካፕካት ባለ አንድ ማቀነባበሪያ ሁሉንም ጨርሶ፣ ሲወጣ እንደተቀዳው 1080p እና 60 ፍሬም መርጦ አንዴ ብቻ ማውጣት ይሻላል። የምስሉ ቅርጽም ትኩረት ይፈልጋል። 2400 በ1080 ነጥብ ያለው ረጅም የስልክ ስክሪን ወደ ተለመደው 16፡9 ቅርጽ ቢቆረጥ 1920 ነጥብ ብቻ ይቀራል፤ ከግራና ከቀኝ 240 ነጥቦች ሲሄዱ የካርታው ጥግና የመተኮሻው ቁልፍ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ከላይና ከታች ቀጭን ጥቁር መስመር መተው ከመቁረጥም ከመለጠጥም ይሻላል። ለቲክቶክ ብሎ ከተጋደመው ምስል መሃል ቁመታም ቁራጭ ማውጣት ደግሞ ከ2400ው 608 ነጥብ ገደማ ብቻ ያስቀራል፤ ያ ተለጥጦ ስክሪኑን ሲሞላ መደብዘዙ አይቀርም።

ማጋራት ላይ ቴሌግራም ሁለት መንገድ አለው። ቪዲዮው እንደ ቪዲዮ ሲላክ ይታመቃል፤ File በሚለው በኩል ሲላክ ግን ሳይነካ ይደርሳል፣ በነፃ አገልግሎቱ እስከ 2 ጊጋባይት። ከላይ የተሰላው የ12 ሜጋቢት ግጥሚያ በዚህ ውስጥ ያልፋል፣ የ16ቱ አያልፍም። ዋትስአፕም እንደ ሰነድ ሲላክለት አያመናምነውም። በሞባይል ዳታ የሚልክ ሰው ግን 1.8 ጊጋባይት ላኪውንም ተቀባዩንም እንደሚያስከፍል ማሰብ አለበት፤ ከግጥሚያው ሁለት ደቂቃ ቆርጦ ወደ 180 ሜጋባይት ማውረድ ለጓደኛ በቂ ነው።

ዩቲዩብ የላኩትን ሁሉ በራሱ መንገድ ዳግም ያምቀዋል፤ ስለዚህ የሚጫነው ፋይል አስቀድሞ ያልተጎዳ መሆን አለበት። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚያሳየውም ከ720p ጀምሮ ብቻ ነው፤ በ480p የሚመለከት ሰው ባለ60ውን ቪዲዮ በ30 ያየዋል። ቪዲዮው እንደተጫነ መጀመሪያ የሚዘጋጀው ዝቅተኛው ጥራት ነው፣ ከፍተኛው ኋላ ይደርሳል። በዚያ መሃል ሊንኩን የከፈቱ ሰዎች የደበዘዘ ምስል አይተው ቀረጻው መጥፎ ነው ብለው ይሄዳሉ። ቪዲዮውን Private አድርጎ ጭኖ፣ በጥራት ዝርዝሩ ውስጥ 1080p60 የሚለው መውጣቱን አይቶ፣ ከዚያ ወደ Public መለወጥና ሊንኩን መበተን ይቻላል።